ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ የተሰመረ

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ልደታ ውስጥ፣ ከቀላል ባቡሩ መስመር ብዙም በማትርቅ አንዲት ፋርማሲ፣ ወረፋው አራት ሰው ደርሷል። ተራዋ የደረሰው ወጣት ማዘዣ አልያዘችም። ስልኳን የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ ባለሙያዋ ገፋ አደረገችው።

«ዶክተር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሰፈሩ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላል፤ ፋርማሲስቷም ማረም ከተወች ቆይታለች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ መዳፍ ነው፤ መዳፉ ላይ አንድ ክኒን። ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ የተሰመረ። ፊደል የለበትም፣ ቁጥር የለበትም። ባለሙያዋ በሁለት ጣቷ አጎላችው፣ መልሳ አሳነሰችው።

«አላውቀውም» አለች።

ወጣቷ ተገረመች። «መድኃኒት እኮ ነው! ለእናቴ ጎረቤታችን የሰጠቻት ነው። ለእንቅልፍ።»

ባለሙያዋ ያን ጊዜ ቀና አለች። ወረፋው ላይ ያሉትን ይቅርታ ጠይቃ ወጣቷን ወደ ጎን ወሰደቻት። እንዲህ ያለ ፎቶ ቴሌግራሟ ውስጥ በየሳምንቱ ይገባል። ዘመድ ይልካል፣ የድሮ ደንበኛ ይልካል፣ የማታውቀው ሰው ጭምር ይልካል። አብዛኛው ጠያቂ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክኒኑ «ያስተኛል» ወይም «ያረጋጋል» ተብሎለታል። ስሙን ግን ማንም አልነገረውም።

አንድ መልክ፣ ብዙ ስም

ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ የተሰመረ ክኒን ምን ሊሆን ይችላል? የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፊኖባርቢታል ሊሆን ይችላል። ሽንት እያስወጣ እብጠትና ደም ግፊት የሚቀንሰው ፉሮሴማይድም ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎን አለ፤ የስኳር ሕመምተኛ የሚወስደው ግሊቤንክላማይድ አለ፤ ተራ ፓራሲታሞልም አለ። መስመሩ የማንነት ምልክት አይደለም። ክኒኑ ለሁለት ሲሰበር እኩል እንዲከፈል ተብሎ የተሠራ ስንጥቅ ነው። መጠኑ ይለየዋል እንዳይባል ደግሞ ፎቶ መጠን አያሳይም። ካሜራው ሲጠጋ ትንሹ ክኒን ትልቅ ይመስላል። አጠገቡ ሳንቲም ካልተቀመጠ በቀር ባለሙያው የሚለካበት ነገር የለውም።

ቀለምም ያሳስታል። ዲያዜፓምን ለዓለም ገበያ መጀመሪያ ያቀረበው ኩባንያ ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ነጭ፣ ባለ 5ቱን ቢጫ፣ ባለ 10ሩን ሰማያዊ አድርጎ ነበር የሠራው። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ቢጫዋ» ሲባል ዲያዜፓም የሚመስለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ግን ያንኑ መድኃኒት ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል፤ እያንዳንዱም የፈለገውን ቀለም ይቀባዋል። ባለፈው ወር ቢጫ የነበረው በዚህ ወር ነጭ ሆኖ ቢመጣ መድኃኒቱ ተለወጠ ማለት ላይሆን ይችላል። አምራቹ ተለውጦ ይሆናል። በዚያው ልክ ቢጫ የሆነ ሁሉ ዲያዜፓም አይደለም።

በአሜሪካ ነገሩ ትንሽ ይቀላል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እያንዳንዱ ክኒንና ካፕሱል አምራቹንና ዓይነቱን የሚለይ ፊደል ወይም ቁጥር እንዲታተምበት ደንቡ ያስገድዳል። አንድ ሰው ወለል ላይ የወደቀ ክኒን ቢያገኝ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ስሙን ሊያገኝ ይችላል። የአገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፒልቦክስ የተባለ የክኒን ፎቶ ማውጫ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ዘግቶታል። እኛ ዘንድ ግን ከትልቅ ጣሳ እየተቆጠረ ትንሽ ከረጢት ውስጥ የሚገባው ክኒን ብዙውን ጊዜ ከመሐል መስመሩ በቀር ምንም የለበትም። የአሜሪካኑን ማውጫ ከፍቶ የልደታን ክኒን መፈለግ ሌላ ክኒን ማግኘት ነው። የሚመስል ነገር መምጣቱ አይቀርም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

> ሳንቲም አጠገቡ ካልተቀመጠ በቀር ፎቶ የክኒኑን መጠን እንኳን አያሳይም።

የኢቱሪ ቢጫ ክኒን

በመልክ ማመን የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ታሪክ ከዚሁ ከአፍሪካ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ፣ በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዩጋንዳ በምትዋሰነው ኢቱሪ ውስጥ ሰዎች አንገታቸው እየተጣመመ፣ ምላሳቸው እየወጣ፣ ፊታቸውና ክንዳቸው እየተኮማተረ ወደ ጤና ተቋማት መምጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ማጅራት ገትርን ነው። አንገት ሲገተር ሌላ ምን ይጠረጠራል?

ማጅራት ገትር ግን አልነበረም። የበሽተኞቹ የጋራ ነገር ትንሽ ቢጫ ክኒን ሆኖ ተገኘ። ጣሳው ላይ ዲያዜፓም ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለሙም ሰው የለመደው ቀለም ነው። በቤተ ሙከራ ሲመረመር ዲያዜፓም ጭራሹን የለበትም። ውስጡ ያለው ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ነበር፤ ያውም አንዱ ፍሬ 10 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ። ሃሎፔሪዶል በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ጡንቻን እንዲህ የማኮማተር የታወቀ ጠባይ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ነገሩ እስኪቆም ድረስ የተጎዳው ሰው ከሺህ አልፏል፤ የሞቱም ነበሩ።

ይህን ታሪክ ፋርማሲስቶች ሲያነሡት የሚያሳዝናቸው አንድ ነገር አለ። የኢቱሪ ሰው ጥፋት አልሠራም። ጣሳው ላይ ስም ነበር፤ ስሙ ግን ውሸት ነበር። ስለዚህ ስም ያለበት ማሸጊያ ዋና ማስረጃ ቢሆንም የመጨረሻው አይደለም። መድኃኒቱ ፈቃድ ካለው መደብር መገዛቱና ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ከተጠበቀው ጋር መግጠሙም ይታያል። እንቅልፍ ያመጣል የተባለ ክኒን አንገት ካጣመመ የክኒኑ ስም ሌላ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ባለሙያዎቹ ቢጫውን የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ይሞላሉ። ተራው ሰው ደግሞ በ8482 ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መደወል ይችላል።

መቀስ የሚቆርጠው ስም

ወደ ልደታዋ ወጣት እንመለስ። ባለሙያዋ ከፎቶው ተስፋ ቆርጣ ሌላ ነገር ጠየቀቻት። «ጎረቤታችሁ መድኃኒቱን ያወጣችው ከምን ውስጥ ነው? ስትሪፕ ካለ በሁለቱም በኩል ፎቶ ይነሣ። ከረጢት ከሆነም ጽሑፉ ይታይ። የማዘዣ ቅጂ ካለ እሱ ከሁሉ ይበልጣል።»

ስልክ ተደወለ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለና። ስትሪፕ ላይ የመድኃኒቱ ስምና የሚሊ ግራሙ ልክ ይታተማል። የማብቂያ ቀኑና የምርት መለያ ቁጥሩ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ተጨምቀው ነው የሚገኙት። መድኃኒት ቤቱ አምስት ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ስትሪፑን በመቀስ ሲከፍለው አንደኛው ደንበኛ ቀኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላኛው ብር ወረቀት ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥም ያው ነው። ሰው ክኒኑን የሚፈለቅቀው እጁ ከገባበት ጫፍ ጀምሮ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፍሬዎች ሲቀሩ ስሙ ቀድሞ ቅርጫት ገብቷል። ጽሑፍ የሌለበትን ጫፍ አስቀድሞ መጨረስ ምንም ወጪ የለውም፤ ግን የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ፎቶ መጣ። ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ናት፤ በእስክርቢቶ የተጻፈባት ግማሹ ደብዝዟል፤ ግማሹ ግን ይነበባል። ፊኖባርቢታል፣ 100 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ አንድ። የተጻፈው ስም የጎረቤቷ ልጅ ስም ነው። ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት።

የወጣቷ እናት ስድስት ሌሊት ወስደውታል። ከሁለት ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይንገዳገዳሉ፤ ንግግራቸው ይጎተታል። ዛሬ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ወድቀዋል። ልጅቷን ፎቶ አስነሥቶ ያስሮጣትም ይኸው ነው።

ከስድስት ሌሊት በኋላ

ፊኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። በአዋቂ ሰው ግማሹ እስኪወጣ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጃል። ዛሬ ማታ የተወሰደው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል፤ በነገው ላይ የተነገ ወዲያው። በስድስተኛው ሌሊት ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ከመጀመሪያው ሌሊት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሴትዮዋ በየማታው «አንድ ክኒን ብቻ» ነው የወሰዱት። መጀመሪያ ጥሩ እንቅልፍ የነበረው በኋላ መንገዳገድ የሆነውም ክኒኑ ስለተለወጠ ሳይሆን ስለተጠራቀመ ነው። ልጁ መድኃኒቱን ያን ያህል ሲወስድ የማይንገዳገደው ሐኪም መጠኑን ለእሱ መዝኖለት፣ ሰውነቱም ስለለመደው ነው።

ሌላም አለ። እናትየዋ የደም ግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ፊኖባርቢታል ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያቃጥል ይቀሰቅሰዋል። አምሎዲፒንም ከሚነኩት አንዱ ነው፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒንም እንዲሁ። የጎረቤት መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ ይዞ አይመጣም።

ባለሙያዋ ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀችው ስለ ልጁ ነበር። «ጎረቤታችሁ ስንት ፍሬ ሰጠች?» ዐሥር። ለልጁ በወር የሚሰጠው ሠላሳ ነው፤ ዐሥሩ ሲወጣ ሃያ ይቀራል። ይህ ማለት ልጁ በወሩ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት መድኃኒት የለውም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው የተለመደው መጣል ብቻ አይደለም። አንዱ ሳይቆም ሌላው የሚከተልበት፣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ እንኳን የሚሞትበት መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቲቱ ክፋት አላሰበችም። ቡና ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ አጣሁ ያሏትን ሴት አዘነችላቸው፤ የልጇ መድኃኒት «በጣም ያስተኛል» ብላ ቆጥራ ሰጠች። ሳታውቀው የሰጠችው ግን የልጇን ዐሥር ቀን ነው።

> ሳታውቀው የሰጠችው የልጇን ዐሥር ቀን ነው።

ፊኖባርቢታልም ሆነ ዲያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። በአገራችን በልዩ ማዘዣ ይታዘዛሉ፤ ማዘዣው ፋርማሲው ዘንድ ይቀራል፤ የወጣው እያንዳንዱ ፍሬም ይመዘገባል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እንዲህ ያሉትን ያለ ፈቃድ ማዘዋወርንና ለሌላ ሰው ማስገኘትን ወንጀል ያደርጋል። ሕጉ በዋናነት ያነጣጠረው ነጋዴው ላይ ነው። ቡና ላይ የተደረገው ስጦታ ግን ከዚያ ድንበር ውጭ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ጠበቃ ይጠይቅ።

ምርቃናና ጨብሲ

ፎቶ የሚልከው ሁሉ እናቱ የወደቁበት አይደለም። ባለሙያዋ የማትመልስላቸው መልእክቶች አሉ። ለምሳሌ ጥያቄው ከ«ምንድን ነው» አልፎ «ስንት ቢወሰድ ነው የሚሰማው» ሲሆን ስልኳን ትዘጋለች። የከተማው ወጣት ይህን መንገድ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላውን በጫት ይመረቅናል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ድሮ መጨበሻው ቢራ ወይም አረቄ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ መጠጡ ላይ ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል ይጨምርበታል።

መጠጥና ማስተኛ ክኒን ሁለቱም የሚያዳክሙት አንድ ቦታ ነው፤ ትንፋሽን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል። ለየብቻ ሲሆኑ የማይገድሉ መጠኖች አንድ ላይ ሲሆኑ ሊገድሉ ይችላሉ። ጫቱ ደግሞ ነገሩን ይሸፍነዋል። ሰውየው ምርቃናው ሳይለቀው «አልሠራብኝም» ብሎ ይደግማል። ጫቱ ሌሊት ላይ ሲለቀው ክኒኑና መጠጡ ብቻቸውን ይቀራሉ። ትራማዶል በተጨማሪ የሚጥል በሽታ በሌለበት ሰው ላይ እንኳን መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቹ ተኝቷል ያሉት ሰው መተኛቱን እንዴት ያውቃሉ?

የተኛ ሰው ትከሻው ሲነቀነቅና በስሙ ሲጠራ ይነቃል፤ ቢያንስ ያጉረመርማል። ካልመለሰ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከዐሥር በታች ከሆነ፣ እንደ ማንኮራፋት እየተቆራረጠ ከወጣ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እሱ እንቅልፍ አይደለም። በጎኑ ማስተኛትና በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ መደወል፣ ወይም በተገኘው መኪና ሆስፒታል ማድረስ ነው። ወተት ማጠጣት የለም፤ እንዲያስመልስ ጣት መክተትም የለም። ራሱን የሳተ ሰው ትውከቱ ሳንባው ይገባል። ስትሪፑን፣ ከረጢቱን፣ ጠርሙሱን፣ የቀረውን ሁሉ ግን አብሮ መውሰድ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የትራማዶልና የሞርፊን ማርከሻ የሆነውን ናሎክሶን ሲያስብ በዲያዜፓም ላይ እንደማይሠራ ያውቃል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ግን ያ ቅራፊ ነው።

የተረፈው ወዴት ይሄዳል?

የወጣቷ እናት ዐሥሩን አልጨረሱም፤ አራት ፍሬ ቀርቷል። ልጅቷ ለልጁ ልመልስለት አለች። ባለሙያዋ አልፈቀደችም። ስድስት ቀን ትራስ ሥር በወረቀት ተጠቅልሎ የቆየ ክኒን ርጥበት ሊነካው ይችላል፤ ከሌላም ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ለልጁ የሚያስፈልገው ወደ ክትትሉ ሄዶ ሐኪሙን እውነቱን መንገር ነው፤ በአዲስ ማዘዣ የጎደለው ይሞላለታል። «ጠፋብን» ብሎ መዋሸት አይጠቅምም፤ ሐኪሙ መጠኑ አንሶታል ብሎ ሊያስብና ሊጨምርበት ይችላል።

መጣሉ ግን ከሚመስለው በላይ ሐሳብ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ቅርጫት የመጨረሻ ቦታ አይደለም። የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ሠራተኞች ይለቅሙታል፤ ከዚያ ወዲያም የሚለቅም አለ። የመድኃኒት ጠርሙስና ጣሳ ደግሞ ቆራሌው በገንዘብ ይወስደዋል። ባዶ ጣሳ ከነስሙ ገበያ ከወጣ ሌላ ነገር ሊሞላበት ይችላል፤ የኢቱሪን ጣሳ ያስታውሱ። ስለዚህ ስያሜውን ልጦ፣ የታካሚውን ስም አጥፍቶ፣ ጠርሙሱን ሰብሮ ወይም ጣሳውን ቀዶ መስጠት ያስፈልጋል።

ክኒኑን መጀመሪያ ለገዙበት ፋርማሲ መመለስ የተሻለው ነው። ፋርማሲዎች ጊዜ ያለፈበትን ለይተው፣ መዝግበው፣ ተቆጣጣሪው አካል በተገኘበት ያስወግዳሉ። ከቤት የሚመጣውን ሁሉም አይቀበልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። አልቀበልም ካሉ የአበሻ ቤት የማያጣው ነገር አለ፤ አተላ። ክኒኑን ሳይፈጩ፣ ካፕሱሉን ሳይከፍቱ፣ ከረጠበ የቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅሎ፣ ላስቲክ ውስጥ አሥሮ፣ ቆሻሻው በሚወጣበት ዕለት ጠዋት ማውጣት ነው። ጥቁርና ርጥብ የሆነውን አተላ ልጅም አይቀምሰውም፤ ለቃሚም አይለየውም። መጸዳጃ ቤት መድፋት ለአብዛኛው መድኃኒት አይመከርም። ለየት የሚለው ሞርፊን ነው። የካንሰር ሕመምተኛ ካረፈ በኋላ ቤት የቀረ የሞርፊን ሽሮፕ የሚመልሱበት ቦታ ካጡ ሳይውል ሳያድር መድፋት፣ መሳቢያ ውስጥ ከመተው ይሻላል። ለሕመምተኛው መድኃኒት የነበረው መጠን ለጤነኛ ልጅ ገዳይ ነው። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል፤ መሳቢያም ይከፈታል።

ልጅቷ በዚያው ምሽት እናቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ከረጢቷን ይዛለች፤ አራቱ ፍሬ ተቆጥሮ ውስጡ አለ፤ የአምሎዲፒኑም ስትሪፕ አብሮ አለ። ሐኪሙ እናትየዋን ያየው ስሙን ካነበበ በኋላ ነው። የጎረቤቲቱ ልጅ ማግስቱን ጠዋት ከእናቱ ጋር ወደ ክትትሉ ሄዷል።

ቤትዎ ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ክኒን ካለ ዛሬ ይፈልጉት። ፎቶ አንሥተው ከመላክዎ በፊት ከረጢቱን ይፈልጉ። ካጡት አይውጡት፤ ለማንም አይስጡት።